ለክርስትና ተጠርቶ ቅዳሴ ላይ መቆም፦ ከሐዋሳ ለምትመጣ እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፣ ፕሮቴስታንት ነኝ። ባለቤቴም እንደኔው ነው፤ ቤተሰቦቹ ግን ጎንደር የሚኖሩ ኦርቶዶክሶች ናቸው። የወንድሙ ሴት ልጅ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ለክርስትናዋ ተጠርተናል። እናቷ ‹ቤተ ክርስቲያንም አብራችሁን ትሄዳላችሁ› ብላኛለች። ቅዳሴ ላይ ቆሜ አላውቅም። ምን ልልበስ? የት ልቁም? ቄሱ መስቀል ቢያሳልሙኝስ ምን አደርጋለሁ? እነሱን ማስቀየም አልፈልግም፣ ያላመንኩበትንም ማድረግ አልፈልግም።»

እህቴ፣ ከልብስሽ በፊት የምትቆሚበትን ቦታ እንወስን። በዲቁና ሳገለግል፣ ኋላም በሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር ብዙ እንግዶች ተቀብያለሁ። ተጨንቀው ያየኋቸው አብዛኞቹ አለባበሳቸው ተበላሽቶ አልነበረም፤ የማይሆናቸው ቦታ ላይ ቆመው ነው። ቦታሽ ከተስተካከለ የስግደቱም የመስቀሉም ጥያቄ ግማሹ በዚያው ይመለሳል።

የትኛው ደብር እንደሆነ አልነገርሽንም፤ ጎንደር ደግሞ አርባ አራት ታቦት የሚባልላት ከተማ ናት። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው። ክቡ በውስጡ ሦስት ክፍል አለው። በሩን ስታልፊ መጀመሪያ የምታገኚው ቅኔ ማሕሌት ነው፤ ደብተራዎቹ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚዘምሩበት ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ቅድስት ይባላል፤ ቆራቢዎች የሚቀበሉት እዚያ ነው። መካከሉ መቅደስ ነው፤ ታቦቱ ያለበት፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም የማይገባበት። እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ያለው ደግሞ አራት ማዕዘን ነው፤ ክፍሎቹ እንደ ክቡ በዙሪያ ሳይሆን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በቁመት ይከተላሉ። የቤቱ ቅርጽ የትኛውም ቢሆን ሕንፃውን የሚከበው ግቢ ቅጽር ይባላል፤ ጽድና ወይራ ያለበት፣ በግንብ የታጠረ።

አንቺ የምትቆሚው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ይህን ስልሽ ወደ ውጭ የተገፋሽ እንዳይመስልሽ። እሑድ ጠዋት ሄደሽ ስታዪው ከሕዝቡ ብዙው ግቢው ውስጥ ነው የሚቆመው። ዘግይቶ የደረሰ፣ ውስጡ ሞልቶበት ያልገባ፣ የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት፣ «ዛሬ አልበቃሁም» ብሎ ራሱን ያገለለ፣ ሁሉም ከዛፉ ሥር ነጠላውን ተከናንቦ ቅዳሴውን ከድምፅ ማጉያው ይከተላል። ማንም ማንን «ለምን አልገባህም?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅም ነውር ነው። የወር አበባሽ ከእሑድ ጋር ቢገጥምም ሥርዓቱ ወደ ሕንፃው አትግባ ስለሚል ግቢው መልስ ይሆንሻል፤ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ውስጡን ማየት ከፈለግሽ ግን ይቻላል። በመጀመሪያው ክፍል፣ በቅኔ ማሕሌቱ፣ ከበሩ አጠገብ ቁሚ። ቅዳሴው ሲጀመር ብዙ ጸሎትና ንባብ አለ፤ መልእክታቱ ይነበባሉ፣ በመጨረሻም ወንጌል ይነበባል። ከወንጌሉ በኋላ ዲያቆኑ በግዕዝ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ብሎ ያውጃል። ገና ያልተጠመቃችሁ፣ የምትማሩ ውጡ ማለት ነው። ከጥንት ጀምሮ ቁርባኑ የሚዘጋጅበት ክፍል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ስለሆነ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ቁርባን የማይካፈል ሰው እዚህ ላይ ይወጣል። ዛሬ ክንድሽን ይዞ የሚያስወጣሽ የለም፤ ዝም ብለሽ ብትቆሚም ምናልባት ማንም አያውቅም። ቢሆንም የዚያ ቤት ሰዎች ቃሉን የሚያከብሩት ስለሆነ አንቺም አክብሪው፤ ቀስ ብለሽ ውጪና ግቢው ውስጥ ቀጥይ። ከበሩ አጠገብ ቁሚ ያልኩሽም ለዚህ ነው። መሐል ላይ የቆመ እንግዳ በዚያ ሰዓት መውጫ ያጣል፤ ሰዉን እየገፋ ሲወጣ ደግሞ ቢቀር ይሻል ነበር ያሰኛል።

እንዲህ ብትዪ «ወንጌሉ እስኪነበብ ከውስጥ፣ ከዚያ በኋላ ከውጭ» የሚል ጥሩ ልክ አለሽ። እኔ ብሆን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ግቢ ውስጥ እቆም ነበር። የሚሆነውን ሁሉ ትሰሚያለሽ፣ ሕዝቡንም ታያለሽ፤ ቢደክምሽ ከግንቡ ጥግ አረፍ ማለት ትችያለሽ። ቅዳሴ በትንሹ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይም ይሄዳል፤ የለመደው እንኳ በመቋሚያ ተደግፎ ነው የሚያደርሰው።

ሌላ ነገር፣ አንቺና ባለቤትሽ አብራችሁ አትቆሙም። የወንዱና የሴቱ ወገን የተለየ ነው፤ በሩም የተለየ ነው። እንደ ልማዱ ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በኩል ናቸው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቅደሱ ፊትሽን አዙረሽ ስትቆሚ የሴቶቹ ወገን በቀኝሽ ይሆናል። አቅጣጫው ግር ካለሽ የሴቶቹን ነጠላ ተከትለሽ ሂጂ። ከመለያየታችሁ በፊት መገናኛችሁን ተነጋገሩ፤ «ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ» ይበቃል። ደጀ ሰላም የግቢው በር ነው። እዚያ ውስጥ ሆኖ በስልክ መፈላለግ አይሆንም፤ ስልክሽ ከመግባትሽ በፊት መዘጋት አለበት።

አሁን ወደ ልብሱ። የሀገር ልብስ ካለሽ ጥሩ ነው፤ ከሌለሽ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ እጀታ ያለው ቀሚስ በቂ ነው። ሱሪ አይሆንም፤ ረጅም ሹራብ ከላይ ቢደረብበትም አይሆንም። ዋናው ነጭ ነጠላ ነው። ነጠላ ስለለበስሽ እምነትሽን የቀየርሽ አይምሰልሽ፤ ልቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ለብሰሽው ታውቂያለሽ። አለባበሱ ግን ይለያያል፤ እንግዳም የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚለበሰው መስቀለኛ ነው። ነጠላውን ከራስሽ ላይ ጣል ታደርጊና የቀኙን ጫፍ ወደ ግራ ትከሻሽ፣ የግራውን ጫፍ ወደ ቀኝ ትከሻሽ ታሳልፊዋለሽ። ደረትሽ ላይ ይጣመራል፤ ጥለቱም ወደ ታች ይወርዳል። ጥለቱን ወደ ላይ አዙረሽ አንገትሽና ፊትሽ ዙሪያ ካደረግሽው ግን ሐዘን ላይ ነሽ ማለት ነው። የክርስትና ዕለት እንዲያ ሆነሽ ብትመጪ ሴቶቹ ደንግጠው «ምን አገኘሽ?» ይሉሻል።

ነጠላ ለማታዘወትር ሴት ይንሸራተታል። ከሥሩ ነጭ ሻሽ አስቀድመሽ እሰሪ፤ ነጠላው ወደ ኋላ ቢወርድ እንኳ ጸጉርሽ ተሸፍኖ ይቆያል። አንዲት መርፌ ቁልፍ አገጭሽ ሥር ብታደርጊ ደግሞ እጅሽ ነፃ ይሆናል። ይህ ካልሆነ ሙሉ ጠዋት ነጠላ ስትስቢ ታረፍጂያለሽ፤ ከኋላሽ ያሉት እናትም «እታለም፣ ነጠላሽ ወረደ» ማለታቸው አይቀርም። ሲሉሽ ቁጣ አይደለም፤ የራሳቸውን ልጅም እንዲሁ ነው የሚሉት። ጎንበስ ብለሽ አስተካክይው፣ ይበቃል።

ከንፈርሽን ቀለም አትቀቢ። ምክንያቱ ጌጥ መጥላት ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ መስቀሉን፣ በሩን፣ መቃኑን በከንፈሩ ይሳለማል፣ ቀለሙም እዚያው ይቀራል። አንቺ ባትሳለሚም ያየሽ ሰው የሚያስበው ይህን ነው። ሽቶም ይቅር፤ ዕጣን በሚታጠንበት ቤት ሽቶ ይረብሻል። ባለቤትሽ ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ ነጠላ ወይም ጋቢ ይደርብ። ኮፍያ ካደረገ ያውልቅ።

ጫማ ወደ ሕንፃው ሲገባ ይወለቃል። ግቢው ውስጥ በጫማ የሚቆም አለ፣ ከደጀ ሰላሙ ጀምሮ የሚያወልቅም አለ፤ አጠገብሽ ያሉትን እይና ምሰዪ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ንጋት ላይ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ወፍራም ካልሲ አድርጊ፣ ነውር የለውም። ለጫማሽም አንድ ፌስታል ያዢ። በር ላይ ከመቶ ጫማ መሐል የራስሽን መፈለግ አንድ ጣጣ ነው፤ ተለዋውጦ የሚሄድም አይጠፋም።

የዕለቱን ሂደት ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺ የምትሄጂው ለቅዳሴ ብቻ አይደለም፤ ክርስትናው ይቀድማል። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። እሑድ ቅዳሴው አብዛኛውን ጊዜ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ስለሚጀመር ለክርስትናው የሚደረሰው ገና ሳይነጋ ነው። «ጠዋት» ስትልሽ የልጅቷን እናት ስንት ሰዓት እንደሆነ ቁርጡን ጠይቂያት፤ የሐዋሳ ጉባኤ የሚጀምርበትን ሰዓት አስበሽ ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሺ ክርስትናውም አልፏል፣ ቅዳሴውም ወደ ማለቁ ነው።

ጥምቀቱ የሚፈጸመው በክርስትና ቤት ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ በዕለቱ ደግሞ ሌሎችም ሕፃናት ይኖራሉ፣ ከነእናቶቻቸውና ከነክርስትና እናቶቻቸው። ሕፃኗን ተቀብላ የምትቆመው የክርስትና እናቷ ናት። ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ በልጅቷ ፈንታ ሰይጣንን ትክዳለች፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞራ ታምናለች። ካህኑ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ በውኃው ያጠምቃታል፤ ቅብዐ ሜሮን ሠላሳ ስድስት ቦታ ትቀባለች፤ ማዕተብ አንገቷ ላይ ይታሰራል፤ ነጭ ልብስም ትለብሳለች። ከበሩ በኩል ቆመሽ ይህን ብታዪ የሚከለክልሽ አይኖርም፤ ግን ካህኑን በዓይንሽ ጠይቂው፣ ሰው ከሞላ ደግሞ ለዘመዶቹ ልቀቂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድመሽ ጨርሺ። በፍቅር ብዛት «አንቺ ክርስትና እናት ሁኚላት» የምትል አማት ወይም ምራት አትጠፋም። የሌላ እምነት ሰው በክርስትና እናትነት ሊቆም አይችልም። ያን ሰዓት ካህኑ «ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነገሩ ይገለጣል፤ ሁሉም ሰው ፊት ያፍራል። ጥያቄው ከመጣ ከእሑድ በፊት፣ እቤት፣ «እኔ አክስቷ ነኝ፣ ይህ ይበቃኛል» በያት።

አሁን ከሁሉ በላይ የምሰጋበትን ልንገርሽ። ጥምቀቷን የጨረሰች ሕፃን እስከ ቁርባን ሰዓት ትቆያለች፤ የዚያኑ ዕለት ትቆርባለች። እስክትቆርብ ምንም አትቀምስም። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ሕፃን ደግሞ ያለቅሳል። እናቷ ስትደክም አጠገቧ ላለ ዘመድ «እስኪ ያዥልኝ» ብላ ትሰጣለች፤ ያ ዘመድ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ያዣት፣ እያወዛወዝሽ ግቢው ውስጥ ተዘዋወሪ፣ ጀርባዋን ምቺላት። ጡጦ ግን አትስጫት፣ ውኃም ቢሆን፣ በጣትሽ ማር ቢጤም ቢሆን።

ይህን የምልሽ ያየሁት ስላለ ነው። በዲቁና በማገለግልበት ጊዜ አንዲት ከሩቅ የመጣች እንግዳ የሁለት ዓመት የእህቷን ልጅ ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ልጁ ሲያስቸግራት ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ሰጠችው፤ ለእሷ ልጅን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ እናቱ ልታቆርበው መጥታ አገጩ ላይ ፍርፋሪውን አየችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጁን ተቀብላ ከቆራቢዎቹ ሰልፍ ወጣችና ከግንቡ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለቁርባኑ ሌሊቱን ጠብቃ ያደረችበት ልጅ ነበር። እንግዳዪቱ ምን እንዳጠፋች የተረዳችው ቤት ከገቡ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ምሳ እንዴት እንደተበላ ልነግርሽ አልፈልግም። አዋቂው ቆራቢ ከመቀበሉ በፊት አሥራ ስምንት ሰዓት ይጾማል፤ ሕፃኑም እንደ አቅሙ ይጠበቃል። ከቆራቢዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ለማንም ልጅ፣ ቢያለቅስም ቢለምንሽም፣ የሚበላ ነገር አትስጪ። አንቺ ራስሽ ቁርስ ቀምሰሽ መምጣት ትችያለሽ፤ እዚያ ግን ማስቲካም አይታኘክም፣ ውኃም አይጠጣም።

ዲያቆኑ ወደ ቁርባን ሲጠራ ሕፃኗን ለእናቷ ወይም ለክርስትና እናቷ መልሺላቸው፤ ይዘሽ ወደ ቅድስት እንዳትገቢ። ከቆረበች በኋላ አፏ በነጠላ ጫፍ ተሸፍኖ ትወጣለች። ያን ጊዜ ሮጠሽ አትሳሚያት፤ የቆረበ ሰው አይሳምም። በዓይንሽና በፈገግታሽ ደስታሽን ግለጪ፣ እናቷ ይገባታል።

ስለ ስግደቱና ስለ መስቀሉ ያነሳሽው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በግልጽ ልመልስልሽ። ማማተብ፣ መስገድ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ መሳለም አይጠበቅብሽም። ያላመንሽበትን ለይሉኝታ ብታደርጊው ለእኛም ክብር አይሆነንም። የሚጠበቅብሽ ሌላው ሲሰግድ ከፊቱ ተገትረሽ አለመቆም ነው። ከግንቡ ወይም ከዛፉ ጥግ፣ ከሰው ኋላ ከቆምሽ ስግደቱ ሲመጣ ማንም ወደ አንቺ አይሰግድም፣ አንቺም ዓይን ውስጥ አትገቢም።

ግዕዙን ባታውቂም ጥቂት ቃላት ብትለዪ መቼ ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ። «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል ለጸሎት ተነሡ ነው፤ አረፍ ብለሽ ከነበረ ተነሺ። ወንጌል ሲነበብ አይቀመጥም፣ አይንቀሳቀስም። ከዚያ በኋላ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» የሚል ትሰሚያለሽ፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። ሴቶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞረው እጅ እየነሡ ጎንበስ ይላሉ፤ ወደ አንቺም ይዞራሉ። አንቺም ጎንበስ ብትዪላቸው ሰላምታ መመለስ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። እጅ ዘርግተሽ መጨበጥ ግን አይደለም። «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲባል ራስ ዝቅ ይደረጋል፤ ይህንንም ማድረግ ይከብድሻል ብዬ አላስብም። የቃጭል ድምፅ ስትሰሚ ደግሞ ባለሽበት ጸጥ በዪ፣ አትራመጂ፤ ሥጋ ወደሙ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ሕዝቡ ሁሉ ወደ መሬት ይወድቃል። ቆሞ መቅረት ከከበደሽ ጎንበስ በዪ፣ ወይም ቁጢጥ በዪ።

ቁርባኑን አትቀበይም። እዚህ ላይ እንግድነት ልዩነት አያመጣም፤ ኦርቶዶክሱም ቢሆን ንስሐ ሳይገባና ሳይዘጋጅ አይቀርብም። ሰልፉን ተከትለሽ ሳታውቂ እንዳትገቢ ብቻ ተጠንቀቂ። አንዳንድ ሰው በሐዋሳ እንደለመደው ሁሉም ተራ በተራ የሚያልፍበት ይመስለዋል።

መስቀሉ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ነው። ካህኑ ወደ ግቢው ሲወጡ ሰዉ ይከባቸዋል፤ መስቀሉን ግንባር ላይ፣ ከዚያ ከንፈር ላይ ያደርጋሉ። በእኛ ዘንድ ለመስቀል የሚደረገው የአክብሮት ነው፣ አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ይህን የምነግርሽ እንድታምኚው ሳይሆን ጎረቤትሽ ምን እያደረገች እንዳለ እንድታውቂ ነው። መሳለም ካልፈለግሽ ወደ ክቡ አትጠጊ። ካህኑ በድንገት ፊትሽ ቢደርሱ ቀኝ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ «እንደምን አደሩ አባ፣ እንግዳ ነኝ» በያቸው። ይገባቸዋል፤ «እንኳን ደኅና መጣሽ» ብለው ያልፋሉ። ፊትን ዞር ማድረግ፣ ወይም መስቀሉን በእጅ መግፋት ግን የሚረሳ ስድብ አይደለም። ጠበሉም እንዲሁ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ሲታደል እጃቸውን ዘርግተው የሚጠጡና ፊታቸውን የሚያስነኩ አሉ፤ ካልፈለግሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ በዪ። ተቀብለሽ መሬት ላይ ማፍሰስ ግን አይሆንም። ዣንጥላ ዘርግቶ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰበስብም ያልፋል፤ መስጠት ውዴታ ነው።

ካሜራ ነገር አጭር ነው። ውስጥ አይነሣም። ክርስትና ቤቱ ላይ ቤተሰቡ ያስፈቀደው ፎቶ አንሺ ሊኖር ይችላል፤ አንቺ በስልክሽ ከማንሳትሽ በፊት የልጅቷን አባት ጠይቂ፣ እሱ ካህኑን ይጠይቅ።

«እትዉ በሰላም» ሲባል ቅዳሴው አልቋል፣ በሰላም ግቡ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ወዲያው አይበተንም። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ስብከት ይኖራል፤ ያን ጊዜ ይቀመጣል፣ አንቺም ተቀመጪ፣ እግርሽን ግን አታነባብሪ። ሰባኪው ስለ ሌሎች ቤተ እምነቶች የሚያስከፋሽ ቃል ሊናገር ይችላል፤ እንደማይሆን ቃል ልገባልሽ አልችልም። ቢሆን እዚያው ተነሥተሽ አትውጪ፣ ከጎረቤትሽም ጋር አትከራከሪ። የጠራችሽ የልጅቷ እናት ናት፤ የተናገረው እሷ አይደለችም። ማታ ለባለቤትሽ ንገሪው።

ከዚያ በኋላ ድግሱ ነው፣ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ስትገቢ ለእናቷ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ በሞገስ ያሳድግልሽ» በያት። ስመ ክርስትናዋን ግን ሰው ፊት ጮክ ብለሽ አትጠይቂ። ያ ስም ለጸሎት፣ ለቁርባንና ለፍትሐት የሚጠራ ነው፤ እናቷ ልትነግርሽ ከፈለገች በጆሮሽ ትነግርሻለች።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ቅዳሜ ማታ ልብስሽን ስታዘጋጂ የልጅቷን እናት ነጠላውን አንዴ እንድታለብስሽ ለምኛት፤ መስቀለኛውን በጽሑፍ ከማስረዳት በእጅ ማሳየት ይቀላል፣ እሷም የምታደርገው ነገር በማግኘቷ ደስ ይላታል። እሑድ ንጋት ላይ ግን እሷ ሕፃኗን ስትታቀፍ ለዚህ ጊዜ አይኖራትም።